የ59 ገጽ ጥናት በአንድ አንቀጽ

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ የማስተርስ ጽሑፏን ሁለተኛ ምዕራፍ ላከችልኝ። ርዕሷ የትምህርት ቤት ምገባ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ እንዳይቀሩ ያደርግ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ ያው ሁላችንም የምንሸሸው ሊትሬቸር ሪቪው፣ የተዛማጅ ጽሑፎች ዳሰሳ ነው። ሃያ ምናምን ጥናት ሃያ ምናምን አንቀጽ ሆኖ ተደርድሯል። አማካሪዋ ከአንዱ አንቀጽ ዳር በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ብሎ ጽፎባታል፦ «ይሄ አብስትራክቱ ነው። አንቺ የት አለሽ?»

«ጋሼ፣ ዓላማውን ጻፍኩ፣ ዘዴውን ጻፍኩ፣ ግኝቱን ጻፍኩ፣ ውሱንነቱንም ጨመርኩ። ምን ቀረ?» አለችኝ።

አንቀጹ ይህ ነበር፦

«ይህ ጥናት የአንጀት ትላትል ከዓለም ሕዝብ ከሩብ በላይ የሚሆነውን እንደሚያጠቃ ይገልጻል። ጥናቱ በኬንያ የተካሄደ ሲሆን ትምህርት ቤቶች በዕጣ ተመርጠዋል። የትላትል መድኃኒት የተማሪዎችን መገኘት በሩብ እንደጨመረ አረጋግጧል። የፈተና ውጤትን ግን አያሻሽልም። የጥናቱ ውሱንነት በአንድ አገር ብቻ መካሄዱ ነው።»

አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ጥሩ ይመስላል። ውስጡ ግን አንድ የቁጥር ስህተት፣ አንድ የትርጉም ስህተት፣ አንድ ያልተጣራ ቃልና አንድ ባዶ ዓረፍተ ነገር አለ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ስለ ጥናቱ ምንም አይነግረንም። አብረን ቁጭ ብለን ስናርመው ግማሽ ቀን ፈጀብን። እዚህም በዚያው መንገድ ልሂድ፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥናቱ የኤድዋርድ ሚጌልና የማይክል ክሬመር ነው። ኢኮኖሜትሪካ በተባለው ጆርናል በ2004 ወጣ። ክሬመር በ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። ጽሑፉ ከገጽ 159 እስከ 217 ይሄዳል፣ 59 ገጽ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ የአክስቴ ልጅ ያነበበችው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነበር። አልፈርድባትም። እኔም በሷ ዕድሜ ያንኑ ነበር የማደርገው።

ከዓላማው እንጀምር። «ጥናቱ ስለ አንጀት ትላትል ነው» ማለት ርዕስን መናገር ነው። ዓላማ ግን መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ለማግኘት ደግሞ ከጽሑፉ በፊት የነበረው ሰው ምን አበላሽቶ እንደነበር መጠየቅ ይረዳል። አጥኚ ሁሉ መግቢያው ላይ «የቀደሙት እንዲህ አድርገው ነበር፣ ይሄ ግን ይጎድለዋል» ብሎ ያማርራል። ጥያቄው የሚገኘው እዚያ እሮሮ ውስጥ ነው።

ሚጌልና ክሬመር ያማረሩት ይህን ነው። ቀደም ያሉት ጥናቶች በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ለገሚሱ ልጅ መድኃኒት ሰጥተው ገሚሱን ያለ መድኃኒት ይተዉና ሁለቱን ያወዳድራሉ። ትል ግን ይተላለፋል። ጎረቤቴ ሲታከም ሜዳው ላይ የሚጣለው የትል እንቁላል ይቀንሳል፣ እኔም ሳልታከም እጠቀማለሁ። ስለዚህ ያልታከሙትም ትንሽ ይሻላቸዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል፤ መድኃኒቱም ከእውነተኛ አቅሙ በታች የሚሠራ ይመስላል። መፍትሔያቸው ልጅን ከልጅ ማወዳደር ትቶ ትምህርት ቤትን ከትምህርት ቤት ማወዳደር ሆነ።

አሁን ዓላማው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይወጣል፦ ትምህርት ቤቱን በሙሉ በጅምላ ማከም የተማሪዎችን መገኘት፣ ጤናና የፈተና ውጤት ይለውጣል ወይ፣ ጥቅሙስ ላልታከሙት ይተርፋል ወይ? በዚህ መልክ የተጻፈ ዓላማ ዘዴውን ራሱ ይጠራዋል። አንባቢው ለምን በትምህርት ቤት ደረጃ እንደተሠራ ሳይጠይቅ ይገባዋል። «ከዓለም ሕዝብ ከሩብ በላይ» የሚለው ቁጥር እውነት ነው፣ ግን የጥናቱ ግኝት አይደለም። የመግቢያ ማሟሻ ነው፤ አወጣነው።

ዘዴው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሙን ብቻ ጽፎ ሲያልፍ ነው። «የሙከራ ጥናት ነው»፣ «መጠናዊ ዘዴ ተጠቅሟል» ይላል። አንባቢ ማወቅ የሚፈልገው ግን ምን ከምን ጋር እንደተወዳደረ ነው። እዚህ ያለው ነገር ይህን ይመስላል። በምዕራብ ኬንያ ቡሲያ በተባለ አካባቢ 75 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ከ30,000 በላይ ልጆች ይማሩባቸዋል። በሦስት ቡድን ተከፈሉ፣ እያንዳንዱ 25። አንደኛው ቡድን ሕክምናውን በ1998 ጀመረ። ሁለተኛው በ1999 ገባ። ሦስተኛው እስከ 2001 ጠበቀ። ስለዚህ በ1998 አንደኛው ቡድን ከቀሩት ከሁለቱ ጋር ይወዳደራል፤ በ1999 ደግሞ ሁለቱ ከሦስተኛው ጋር። ማንም እስከ መጨረሻው አልተከለከለም፣ ተራ ነው የጠበቀው። ይህ ሁሉ አንቀጹ ውስጥ ሲገባ «ሕክምናውን በየተራ በማስጀመር ቀድመው የጀመሩትን ገና ካልጀመሩት ጋር አነጻጽረዋል» ከሚል አይበልጥም።

አንድ ሌላ ነገር ግን ሳይጨመር መቅረት የለበትም፣ አለካኩ። መገኘትን እንዴት ለኩት? በመምህሩ የስም መጥሪያ ደብተር አይደለም። የፕሮጀክቱ ሠራተኞች ሳይነገር ድንገት ትምህርት ቤቱ ደርሰው ክፍል ውስጥ ያለውን ልጅ ይቆጥራሉ። ለጓደኛው «አቤት» ብሎ የሚመልስ ልጅ አብሮት የተማረ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። ስለ መገኘት ለሚጽፍ ሰው ይህች ሁለት ቃል፣ «በድንገተኛ ጉብኝት»፣ ከናሙናው ብዛት ትበልጣለች። የአክስቴ ልጅ ከጠቀሰቻቸው ጥናቶች መካከል በርካቶቹ መገኘትን የለኩት ከደብተር ነው። እሷ ይህን ካልጻፈች አንባቢዋ ሁለቱን ዓይነት ቁጥር እኩል ያምናል።

አሁን ወደ «በዕጣ» እንምጣ። አብስትራክቱ በእርግጥ በዘፈቀደ እንደተመደቡ ይናገራል። ዘዴው የተጻፈበት ክፍል ጋ ስትገቡ ግን ዝርዝሩ ሌላ ነው። ትምህርት ቤቶቹ መጀመሪያ በአስተዳደር ቀጠናና ሌላ የእርዳታ ፕሮግራም ባላቸውና በሌላቸው ተመደቡ። ከዚያ በፊደል ተራ ተዘረዘሩ። ከዚያ እየተቆጠረ እያንዳንዱ ሦስተኛ ትምህርት ቤት ለአንድ ቡድን ተሰጠ። ባርኔጣ ውስጥ ወረቀት አልተጣለም፣ ኮምፒውተርም ቁጥር አላወጣም።

ያ ትልቅ ጉድ ነው? በእኔ ግምት አይደለም። የትምህርት ቤት ስም በ«ለ» መጀመሩ ከተማሪዎቹ ጤና ጋር ምን ያገናኘዋል? ብዙ የኢኮኖሚክስ ሰዎች እንደ ዕጣ ይቆጥሩታል። የኤፒዲሚዮሎጂ ሰዎች ግን «ከፊል ዕጣ» ብለው ለይተው ይጽፉታል፣ ምክንያቱም ዝርዝሩን የሚያይ ሰው ቀጣዩ የማን እንደሆነ ቀድሞ ያውቃል። እናንተ ዳኛ መሆን አይጠበቅባችሁም። የሆነውን ጻፉ፦ «በፊደል ተራ ተዘርዝረው ለሦስት ተከፈሉ»። ከዚያ አንባቢው ራሱ ይፍረድ። አብስትራክት ላይ ያለን የዘዴ ስም ሳታጣሩ ወደ አንቀጻችሁ አታሻግሩ፤ ስሙ ደራሲው ለሥራው የሰጠው ማዕረግ ነው፣ ሥራው ራሱ ያለው ውስጥ ነው።

የመድኃኒቱ ዓይነትስ? አልቤንዳዞል በየስድስት ወሩ፣ ቢልሃርዚያ በበዛባቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ ፕራዚኳንቴል በዓመት አንዴ። ስለ ምገባ ለምትጽፍ ሰው ይህ አያስፈልግም። ለጤና ተማሪ ግን ግድ ነው።

ግኝቱ ጋ ስንደርስ ነው ትልቁ ስህተት የተገኘው። «መገኘትን በሩብ ጨመረ» ብላ ጽፋለች። ጽሑፉ የሚለው ሌላ ነው፦ መቅረት በሩብ ቀነሰ። አንድ ይመስላሉ፣ አንድ አይደሉም። በወረቀት ላይ እናስላው። ከ100 ልጆች 28ቱ የሚቀሩበት ትምህርት ቤት እንውሰድ፣ ይህ የእኔ ምሳሌ ነው። ሩቡ 7 ነው። መቅረት በሩብ ሲቀንስ 21 ልጆች ይቀራሉ። የሚገኙት ደግሞ ከ72 ወደ 79 ያድጋሉ። ከ72 ወደ 79 ማደግ አሥር በመቶ እንኳ አይሞላም። በሩብ ቢጨምር ኖሮ 90 ልጅ ክፍል ውስጥ ይገኝ ነበር። እሷ ሳታውቀው ግኝቱን ከሁለት እጥፍ በላይ አሳበጠችው።

ጥናቱ ራሱ ሁለቱንም ይነግራል። መገኘት ቢያንስ በ7 የመቶኛ ነጥብ ከፍ አለ፣ ይህም መቅረትን በሩብ ያህል መቀነስ ነው ይላል። እዚህ ላይ «7 በመቶ» እና «7 የመቶኛ ነጥብ» የሚሉትም አይምታቱ። የመቶኛ ነጥብ ማለት ከ72 ከመቶ ወደ 79 ከመቶ የተራመደው ርቀት ነው። 7 በመቶ ግን የ72 ሰባት መቶኛ ነው፣ አምስት ነጥብ ብቻ ያህል። ቁጥር ወደ አንቀጻችሁ ስታስገቡ ሁልጊዜ ሁለት ነገር አጠገቡ ይቁም፦ የምኑ ቁጥር እንደሆነና ከምን ጋር ሲነጻጸር እንደሆነ። ጥርጣሬ ካላችሁ አብስትራክቱን ትታችሁ ሠንጠረዡ ጋ ሂዱ። ሠንጠረዥ ቅጽል አያውቅም።

ቀጥሎ «የፈተና ውጤትን ግን አያሻሽልም» የሚለው። አጥኚዎቹ ያሉት፦ የፈተና ውጤት እንደተሻሻለ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘንም። ልዩነቱ ተራ የቃል ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ቁልፌን ኪሴ ውስጥ ፈልጌ ባላገኘው «ኪሴ ውስጥ አላገኘሁትም» ነው የምለው፣ «ጠፍቷል» አልልም። በሁለት ዓመት ውስጥ የታየ ውጤት አለመኖሩ፣ ወይም ለውጡ በዚያ ፈተና ለመለካት ያነሰ መሆኑ፣ ለውጥ እንደሌለ ማረጋገጫ አይደለም። ስለዚህ ግሱን ከደራሲዎቹ ውሰዱ። «አላገኙም» ካሉ «አላገኙም»፣ «ይጠቁማል» ካሉ «ይጠቁማል»። በእኛ ጽሑፎች ውስጥ «አረጋግጧል» የሚለው ግስ እንደ ጨው በየቦታው ይነሰነሳል። በአንቀጻችሁ ውስጥ እሱን ፈልጋችሁ ብታወጡት ብቻ ግማሹ ስህተት ይጠፋል።

ሦስተኛው ግኝት እሷ ጨርሶ የዘለለችው ነው። ከታከሙት ትምህርት ቤቶች ውስጥ መድኃኒቱን ያልወሰዱ ልጆችም፣ በአቅራቢያው ያሉ ያልታከሙ ትምህርት ቤቶች ልጆችም ተጠቅመዋል። የጥናቱ ዋና ጥያቄ ደግሞ ይኸው ነበር። ዓላማው በትክክል ቢጻፍ ኖሮ ይህ ግኝት ሊዘለል አይችልም ነበር። ዓላማው ላይ ያነሳችሁት ጥያቄ ግኝቱ ላይ መልስ ካጣ፣ ከሁለቱ አንዱ ላይ የሆነ ነገር ዘልላችኋል ማለት ነው። ሌሎች ግኝቶችም አሉ፤ ለምሳሌ በአንድ ልጅ አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት የሚወጣው ወጪ ወደ 3.50 ዶላር ገደማ መሆኑ። ለበጀት ጥናት ወርቅ ነው። እሷ ስለ ወጪ ስላልጻፈች ተይው አልኳት።

አሁን ውሱንነት። «በአንድ አገር ብቻ መካሄዱ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ባዶ ያልኩት ለማንኛውም ጥናት ስለሚሆን ነው። ስም ቀይራችሁ ስለ ሕንድ የወተት ላሞች በተጻፈ ጥናት ላይ ብትለጥፉት ይሠራል። ውሱንነት የሚባለው ያን ግኝት፣ እዚያ ቦታ ላይ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚገፋ ነገር ሲሆን ነው። ራሴን የምጠይቀው እንዲህ ብዬ ነው፦ ይህ ጉድለት ባይኖር ቁጥሩ ይወጣ ነበር ወይስ ይወርድ ነበር? መልስ ካላገኘሁ ውሱንነቱ ገና አልገባኝም።

በዚህ ጥናት ላይ እንሞክረው። ማስመሰያ ክኒን፣ ፕላሴቦ የሚባለው፣ አልነበረም። ማን እንደታከመ ልጁም፣ መምህሩም፣ ቤተሰቡም ያውቃል። «እርዳታ መጥቷል» ብሎ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚገፋ ወላጅ ሊኖር ይችላል። ያ ከሆነ ከ7ቱ ነጥብ የተወሰነው የክኒኑ ሳይሆን የወሬው ነው። ስለዚህ ይህ ጉድለት ባይኖር ቁጥሩ ሊወርድ ይችል ነበር። አቅጣጫው ታወቀ፤ ይገባል።

ሁለተኛው ቦታው ነው። ግን «ኬንያ ነው» አይደለም። ያን ጊዜ በዚያ አካባቢ ከተመረመሩት ልጆች ከአሥሩ ዘጠኙ ቢያንስ አንድ ዓይነት ትል ነበራቸው። እንዲህ ትል በበዛበት ቦታ መድኃኒት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ከአሥር አንድ ልጅ ብቻ በተያዘበት ከተማ ተመሳሳዩን 7 ነጥብ መጠበቅ የዋህነት ነው። አየሽ፣ አልኳት፣ «አንድ አገር» ያልሽው ይህን ማለትሽ ነበር፣ ግን ምክንያቱን አልተናገርሽም።

እዚህ ላይ እኔም ተሳሳትኩ። ከመድኃኒቱ ጋር የጤና ትምህርትም ይሰጥ ነበርና «ክኒኑና ትምህርቱ ተደባልቀዋል፣ ይህንም ጻፊ» አልኳት። እሷ ግን ይህን ጊዜ ጽሑፉን በደንብ ይዛዋለች። አጥኚዎቹ ልጆቹ ጫማ ማድረጋቸውን፣ ንጽሕናቸውንና ወደ ወንዝና ሐይቅ መግባታቸውን ለክተው ይህ ነው የሚባል የባህርይ ለውጥ እንዳላዩ የጻፉበትን ቦታ አሳየችኝ። ደራሲው አስቦበት መልስ የሰጠበትን ነገር እንደ አዲስ ቀዳዳ አድርጎ መጻፍ ያሳፍራል። ወይ መልሱን አብሮ መጻፍ ነው፣ ወይ መተው። ተውነው።

ከዚያ ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ በጭራሽ የማይገኝ ውሱንነት አለ፤ ጽሑፉ ከወጣ በኋላ የመጣው። የ2004 ጽሑፍ በ2015 የሆነውን ሊነግራችሁ አይችልም። በዚያ ዓመት አይከንና ባልደረቦቹ በኢንተርናሽናል ጆርናል ኦፍ ኤፒዲሚዮሎጂ ላይ የዚህን ጥናት ዳግም ትንተና አሳተሙ። መረጃውን የሰጧቸው ደራሲዎቹ ራሳቸው ናቸው። በታከሙት ትምህርት ቤቶች የታየው የመገኘት ለውጥ በድጋሚ ስሌቱ ጸና። ከ3 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ርቀት ባሉ ትምህርት ቤቶች ላይ ታይቷል የተባለው ጥቅም ግን የኮድ ስህተት ሲታረም አልቆመም። አብሮት የወጣ ሁለተኛ ጽሑፍ ደግሞ መረጃውን በሌላ ስልት ተንትኖ፣ የመገኘቱ ውጤት ሁለቱን ዓመታት በምናጣምርበት መንገድ ይወሰናል አለ። ደራሲዎቹ መልስ ሰጡ፤ ስህተቱን አምነው፣ በቅርብ ርቀት ያለው ጥቅም ግን አሁንም አለ አሉ። ክርክሩ በኢንተርኔት «የትል ጦርነት» እስከመባል ደረሰ።

ይህን ማግኘት ከባድ አይደለም። ጉግል ስኮላር ላይ ከጽሑፉ ርዕስ ሥር `Cited by` የሚል አለ። እሱን ስትጫኑ ከላይ `Search within citing articles` የሚል ሳጥን ይመጣል። እዚያ ላይ ምልክት አድርጋችሁ `replication` ወይም `reanalysis` ብላችሁ ፈልጉ። ብዙ ለተጠቀሰ ጽሑፍ ሁሉ ይህን ማድረግ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አማካሪ ፊት ቀርቦ «ያ ነገር እኮ በኋላ ታርሟል» ከመባል ያድናል።

ሁሉንም ከሰበሰብን በኋላ የቀረው መምረጥ ነበር። አንቀጹ የሚጻፈው ስለ ምገባና መገኘት ለሚያነብ ሰው ነው። ይህ የወጣልን ነው፦

«ሚጌልና ክሬመር (2004) በትምህርት ቤት ደረጃ የሚሰጥ የጅምላ የትላትል ሕክምና የተማሪዎችን መገኘት፣ ጤናና የፈተና ውጤት ይለውጥ እንደሆነ፣ ጥቅሙም ላልታከሙ ልጆች ይተርፍ እንደሆነ በምዕራብ ኬንያ መርምረዋል። 75 ትምህርት ቤቶችን በፊደል ተራ ዘርዝረው ለሦስት በመክፈልና ከ1998 ጀምሮ ሕክምናውን በየተራ በማስጀመር፣ ቀድመው የጀመሩትን ገና ካልጀመሩት ጋር አነጻጽረዋል፤ መገኘትን የለኩትም በድንገተኛ ጉብኝት ነው። በታከሙት ትምህርት ቤቶች መገኘት ቢያንስ በ7 የመቶኛ ነጥብ ከፍ ብሏል (መቅረት በሩብ ያህል ቀንሷል)፤ ያልታከሙ ልጆችም ተጠቅመዋል፤ የፈተና ውጤት ስለመሻሻሉ ግን ማስረጃ አላገኙም። ማስመሰያ ክኒን ስላልነበረ ከለውጡ የተወሰነው ከመድኃኒቱ ውጭ በሆነ ምክንያት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከአሥር ልጆች ዘጠኙ በተያዙበት አካባቢ የታየ ውጤት በመሆኑም ስርጭቱ ዝቅተኛ በሆነበት ቦታ ያንሳል ተብሎ ይጠበቃል። አይከንና ባልደረቦቹ (2015) ዳግም ሲተነትኑት በታከሙት ትምህርት ቤቶች የታየው የመገኘት ለውጥ ሲጸና፣ ራቅ ባሉት ላይ የተባለው ጥቅም ግን አልጸናም። ለዚህ ጥናት ዋናው ነጥብ፣ ልጆች በክፍል መገኘታቸው ቢጨምርም የፈተና ውጤታቸው አብሮ ላይንቀሳቀስ መቻሉ ነው።»

ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በጽሑፉ ውስጥ የለም፣ የራሷ ነው። አማካሪው «አንቺ የት አለሽ?» ያለው እሱን ነበር። ምገባም እንደ ትል መድኃኒቱ ልጁን ክፍል ያደርሰው ይሆናል፤ ትምህርቱ ይገባዋል ማለት ግን አይደለም፣ እሷም ጽሑፏ ውስጥ ሁለቱን ለየብቻ መለካት አለባት ማለት ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ወደ ቀጣዩ አንቀጽ ድልድይ ይሆናል። የሚከተለው ጥናት ስለ ፈተና ውጤት የሚያወራ መሆን እንዳለበት ወዲያው ይታወቃል፤ በደራሲ ስም ተራ መደርደሩም እዚያው ያበቃል።

ያው ጽሑፍ ስለ በሽታ መተላለፍ በሚጽፍ ሰው እጅ ሌላ አንቀጽ ይሆን ነበር። የፈተናው ነገር ይወጣል። የመድኃኒቱ ዓይነትና የሚሰጥበት ጊዜ ይገባል። ከሁሉም በላይ 13 ዓመት የሞላቸው ሴት ልጆች በእርግዝና ስጋት ምክንያት ከሕክምናው ውጭ መደረጋቸው ቦታ ያገኛል፤ በታከሙት ትምህርት ቤቶች መድኃኒቱን ካልወሰዱት ውስጥ ብዙዎቹ እነሱ ናቸውና። የ2015ቱ እርማትም አንድ ሐረግ ሆኖ አይቀርም፣ የአንቀጹ እምብርት ይሆናል፣ ምክንያቱም የተነካው በቀጥታ የእሱ ጥያቄ ነው።

ስንጨርስ አንድ ነገር አደረግን። ጽሑፉን ዘግተን አንቀጹን ብቻ ለባለቤቴ ሰጠናት። እሷ የባንክ ሠራተኛ ናት፣ ከጥናት ጋር አይተዋወቁም። «ምን ከምን ጋር አወዳደሩ?» ብለን ጠየቅናት። «ቀድመው የጀመሩትን ገና ተራ ከሚጠብቁት ጋር» አለች። «ስንት ለውጥ አገኙ?» «ከመቶ ልጅ ሰባት ተጨማሪ»። «ታምኚዋለሽ?» ትንሽ አሰበችና «መገኘቱን አዎ፣ የሩቅ ጎረቤቱን አይ» አለች። የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችና ሁለተኛውን አንቀጽ ከፈተች። እሱም «ይህ ጥናት አረጋግጧል» ብሎ ነበር የሚጀምረው።